ፊታችን የራሳችን ሆኖ ቪዲዮ ሴልፊው ለምን ውድቅ ይሆናል?

ኢንስታግራም አካውንታቸው ከተጠለፈባቸው ሰዎች ደጋግመን የምንሰማው ቅሬታ አለ። «ፊቴን ቀርጬ ላክሁ፣ እኔው ራሴ ነኝ፣ ግን ማረጋገጥ አልቻልንም አሉኝ» ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። instagram.com/hacked ላይ ገብታችሁ ስታመለክቱ፣ ጭንቅላታችሁን ወደተለያየ አቅጣጫ እያዞራችሁ አጭር ቪዲዮ እንድትቀርጹ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ይህ ቪዲዮ የሚነጻጸረው ከመታወቂያችሁ ጋር ሳይሆን አካውንቱ ላይ ካሉት የእናንተ ፎቶዎች ጋር ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቪዲዮው ላይ ሳይሆን የሚነጻጸርበት ፎቶ ላይ ነው።

ለምሳሌ ጫማ የምትሸጥ ልጅ እንውሰድ። ገጿ ላይ 200 ፎቶ አለ፣ ሁሉም ግን ጫማ ነው። የእሷ ፊት ያለው አንድ የምረቃ ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከአምስት ጓደኞቿ ጋር፣ በፊልተር ለስልሶ። ቪዲዮዋን አስር ጊዜ ብትቀርጽም የሚያመሳክሩበት ፊት የለም ማለት ይቻላል። ጠላፊው ፎቶዎቿን አጥፍቶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

እንዲህ ላለው አካውንት ሌላ መንገድ አለ። አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር፣ እንዲሁም ያኔ የተጠቀማችሁበትን የስልክ ዓይነት ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። አሁን በያዛችሁት ስልክ ሳይሆን ያኔ በነበረው መልሱ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የድሮ ኢሜይላችሁን ፈትሹ። ጠላፊው ኢሜይል ሲቀይር ከ security@mail.instagram.com መልዕክት ይላካል፤ ለውጡን ከዚያው መመለስ ከተቻለ ቪዲዮም አያስፈልግም።

ፊታችሁ በግልጽ የሚታይ ፎቶ ካለ ግን ቪዲዮው ላይ ትኩረት አድርጉ። መስኮት ከኋላችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጠቁራል፤ ዞራችሁ ብርሃኑን ከፊት አድርጉት። ኮፍያ፣ መነጽርና ማስክ አውልቁ። የካሜራውን ሌንስ ጥረጉ፣ ጭንቅላታችሁንም ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ከተቻለ ከዚህ በፊት አካውንቱን ስትጠቀሙበት በነበረው ስልክ ሞክሩ፣ ቪፒኤን ካለም አጥፉት። መልሱ የሚመጣው በምትሰጡት ኢሜይል ስለሆነ እናንተ ብቻ የምትከፍቱትን ስጡ።

ውድቅ ቢሆንም አዲስ ቪዲዮ መላክ ይቻላል። ግን ያንኑ ደግሞ መላክ ውጤት አይቀይርም፤ መጀመሪያ ብርሃኑን ወይም ቦታውን ቀይሩ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «እኔ አስመልስልሃለሁ፣ ፊትህን ቀርጸህ ቴሌግራም ላይ ላክልኝ» የሚል ሰው ቢመጣ አትላኩ። ኢንስታግራም የላካችሁትን ቪዲዮ በ30 ቀን ውስጥ እንደሚያጠፋ ይገልጻል፤ ያ ሰው ግን በፊታችሁ ምን እንደሚያደርግ አታውቁም።

አካውንታችሁ ዛሬ በእጃችሁ ካለ ደግሞ ፊልተር የሌላቸው፣ ብቻችሁን የተነሳችኋቸው ሁለት ሦስት ፎቶዎች ፖስት አድርጉ። የሱቅ ገጽም ቢሆን። ከተጠለፈ በኋላ መጨመር አይቻልም።