በ75 ሺህ ብር ታክስ 97 ሺህ 500 ብር የሚሰበስብ መንግሥት!

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

መርካቶ ገብቶ ይህችን ጥያቄ ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ! ዕቃው ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሳይባል፣ ዋጋው ሳይነገር፣ መጀመሪያ የምትመጣው እሷ ናት። «ያለ ደረሰኝ» ያለ ቅናሽ ያገኛል፣ «በደረሰኝ» ያለ ፊት ይነሳዋል፤ ወይም «አልቋል» ይባላል። ዕቃው ግን ከጀርባው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

የገቢ ሹማምንት ደግሞ በቴሌቪዥን ብቅ ባሉ ቁጥር የሚያነቧት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለቻቸው። ተጨማሪ እሴት ታክስ የነጋዴው ገንዘብ አይደለም፣ ሸማቹ የከፈለው ነው፣ ነጋዴው ሰብስቦ ማስረከብ ብቻ ነው ይላሉ። በወረቀት ላይ ልክ ናቸው። የሽያጭ ታክስን ተክቶ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ቁጥር 285/1994ም የሚለው ይህንኑ ነው፤ እሱን የተካው አዋጅ 1341/2016ም 15 በመቶዋን አልነካትም። እኛ ግን ከአዋጁ ይልቅ የአንዲት ቸርቻሪ መዝገብ እንግለጥ። ስሟ ይቆየን፤ እገሊት እንበላት። አንሶላና ብርድ ልብስ ትሸጣለች፣ ለቫት ተመዝግባለች፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ቁጥሩን ለማስተዋል እንዲመች ክብ አድርገነዋል።

በመጀመሪያው ወር እገሊት ደረሰኝ የሚሰጥ አከፋፋይ አገኘች። የ400 ሺህ ብር አንሶላ ገዛች፤ ቫቱ 60 ሺህ ነው፤ በድምሩ 460 ሺህ ብር ከፈለች። የሒሳብ ሠራተኛዋ 460 ሺውን በሙሉ «ግዢ» ብሎ አልመዘገበውም። 400 ሺውን የዕቃ ግዢ አለው፣ 60 ሺውን ለብቻው በግዢ የተከፈለ ታክስ በሚለው ሒሳብ ዴቢት አደረገው። ይህ 60 ሺህ ወጪ አይደለም፤ እገሊት ከመንግሥት ላይ ያላት ብድር ነው ማለት ይቻላል። ወዲያው ዕቃውን በ500 ሺህ ብር ሸጠች፤ ቫቱ 75 ሺህ፤ ከደንበኞቿ የገባው 575 ሺህ ብር። እዚህም ላይ ሽያጯ 500 ሺህ ነው እንጂ 575 ሺህ አይደለም። 75 ሺዋ በሽያጭ የተሰበሰበ ታክስ ተብላ በክሬዲት በኩል ትቀመጣለች፤ ዕዳ ናትና።

ወሩ ሲዘጋ ሁለቱ ሒሳቦች ፊት ለፊት ይገጠማሉ። 75 ሺህ ዕዳ፣ 60 ሺህ ብድር፤ ልዩነቱ 15 ሺህ ብር። እገሊት ባንክ ሄዳ የምትከፍለው ይህንን ብቻ ነው። ይህችው 15 ሺህ ደግሞ እሷ በዕቃው ላይ የጨመረችው የ100 ሺህ ብር 15 በመቶ ናት፤ ታክሱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። (የሚገዛው ከሚሸጠው በበለጠበት ወር ብድሩ ከዕዳው ይበልጣል፤ ትርፉ ለሚቀጥለው ወር ይሻገራል።) 575 ሺህ ገብቶላት፣ 460 ሺህ ለአከፋፋዩ፣ 15 ሺህ ለመንግሥት ከፍላ 100 ሺህ ብር ቀራት። ሹማምንቱ እንዳሉትም ታክሱ ከኪሷ አልወጣም።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው እዚህ ጋ አንዲት ስህተት ይሠራል። የገባለትን 575 ሺህ በ15 በመቶ አባዝቶ 86 ሺህ 250 ብር ዕዳ አለብኝ ይላል። ኧረ ወገን! 575 ሺህ ውስጥ እኮ ቫቱ ራሱ አለበት። በ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ነው፤ 75 ሺህ ይመጣል። የ11 ሺህ 250 ብር ስጦታ የሚለግስ ሀብታም ካለ አንከለክለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወር እንሂድ። ደረሰኝ ሰጪው አከፋፋይ ዕቃ ጨረሰ። ሌላው አለ።

«እህቴ፣ በደረሰኝ ከሆነ 460 ነው። ደግሞ አሁን የለኝም፣ ሳምንት ተመለሺ። ያለ ደረሰኝ ግን 440 አድርጌልሽ አሁኑኑ አስጭኚ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምሸጠው በማሽን ነው።»

«እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው።»

20 ሺህ ብር ቅናሽ! ማን ይጠላል? አስጫነች። እንደ ባለፈው ወር በ575 ሺህ ብር፣ እያንዳንዷን አንሶላ በማሽን እየመታች ሸጠች። ወሩ ሲዘጋ ግን በግዢ የተከፈለ ታክስ የሚለው ሒሳብ ባዶ ነው። ደረሰኝ የሌለው ግዢ የሚካካስ ታክስ የለውም፤ ሕጉ ግልጽ ነው። ስለዚህ 75 ሺውን በሙሉ ከፈለች። ከ575 ሺህ ላይ 440 ሺህና 75 ሺህ ሲነሳ የቀራት 60 ሺህ ብር ነው። ባለፈው ወር 100 ሺህ ነበር። 20 ሺህ የቀነሰላት አከፋፋይ 40 ሺህ አጎደለባት ማለት ነው። የዓመቱ የንግድ ትርፍ ግብር ሲመጣ ደግሞ የ440 ሺህ ብሩ ግዢ ማስረጃ ስለሌለው «ወጪውን አልቀበልም» ትባላለች፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ታዲያ አከፋፋዩ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ክፉ ስለሆነ ነው? አይደለም። ሁሉም ሰው መርካቶ ላይ ቆሞ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ነገሩ የተበላሸው ግን ጉምሩክ ላይ ነው። አከፋፋያችን ራሱ አስመጪ ነው እንበል። ዕቃውን ከውጭ በ350 ሺህ ብር ገዝቷል፤ በጉምሩክ ሰነዱ ላይ የተጻፈው ግን 150 ሺህ ነው። የቀረውን ዶላር ከየት አመጣው ቢባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም፤ ብሩ በገበያ እንዲተመን እስከተወሰነበት እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ከባንክ ዶላር ማግኘት ምን እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀረጡንና ሌላውን ለጊዜው እንተወውና በ150 ሺው ላይ 22 ሺህ 500 ብር ቫት ከፍሎ ዕቃውን አወጣ።

ይህ ሰው አሁን ለእገሊት በ400 ሺህ ደረሰኝ ቢቆርጥላት 60 ሺህ ቫት ይሰበስባል፣ 22 ሺህ 500ውን ያካክሳል፣ 37 ሺህ 500 ያስረክባል፣ እጁ ላይ 50 ሺህ ብር ይቀራል። ያለ ደረሰኝ በ440 ሲሸጥ ግን 67 ሺህ 500 ይቀረዋል። ልዩነቱ 17 ሺህ 500 ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ደረሰኝ ከቆረጠ መዝገቡ በ150 ሺህ ገዝቶ በ400 ሺህ ሸጠ ይላል። በእውነት ያገኘው 50 ሺህ ሆኖ ሳለ የ250 ሺህ ብር ትርፍ ባለቤት ተብሎ የትርፍ ግብር ይጠየቃል! ያንን ደረሰኝ ሞቶም አይቆርጠውም።

ያው ሰው 350 ሺውን እንዳለ አስመዝግቦ ቢሆን ኖሮስ? ጉምሩክ ላይ 52 ሺህ 500 ከፍሎ፣ ሲሸጥ ያካክሰውና የሚያስረክበው 7 ሺህ 500 ብቻ ይሆን ነበር። ደረሰኝ ቢከለክል ደግሞ የከፈለው 52 ሺህ 500 ስለማይካካስለት የሚቀረው 37 ሺህ 500 ነው፤ ማለትም ከ50 ሺው 12 ሺህ 500 ይጎድልበታል። የዚህ ታክስ ብልሃት ይህ ነው። ከላይ በትክክል የተመዘገበ ሁሉ ወደ ታች ደረሰኝ መቁረጥ ይጠቅመዋል። ከላይ የተዋሸ ሁሉ ወደ ታች መደበቅ አለበት። ጥቆማና ማስታወቂያ ይህንን አይለውጠውም።

አሁን ወደ ርዕሳችን። አንሶላው ለመጨረሻው ሸማች የተሸጠው በ500 ሺህ ነው፤ በሕጉ መንግሥት ሊያገኝ የሚገባው 75 ሺህ ብር ነው፣ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አይበልጥም። በጽዱው መንገድ ከጉምሩክ 52 ሺህ 500፣ ከአከፋፋዩ 7 ሺህ 500፣ ከእገሊት 15 ሺህ፤ ደምሩት፣ 75 ሺህ ነው። በተበላሸው መንገድስ? ከጉምሩክ 22 ሺህ 500፣ ከአከፋፋዩ ዜሮ፣ ከእገሊት 75 ሺህ። ይህ 97 ሺህ 500 ብር ነው! መሃል ላይ ደረሰኙ ሲቋረጥ፣ ከላይ የተከፈለችው 22 ሺህ 500 ማንም ሳያካክሳት መንግሥት ካዝና ውስጥ ቀረች።

«የአከፋፋዩ የትርፍ ግብር አመለጠን እኮ» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አመለጣቸው። ግን የቫቱን ካዝና የሚቆጥር ሹም ማንን ያሳድዳል? መጋዘኑን አይታችሁታል? በር እንኳ የለውም፣ ቢኖረውም ሌሊት ነው የሚከፈተው። የእገሊት ሱቅ ግን መንገድ ዳር ነው፤ ማሽኗ በየቀኑ ሽያጯን ትናገርባታለች። ተቆጣጣሪው ደንበኛ መስሎ ገብቶ አንድ አንሶላ ገዝቶ መውጣት ነው።

በኅዳር 2017 መርካቶ የተዘጋው ለምን ይመስላችኋል? የደረሰኝ ቁጥጥሩ በተጠናከረበት ሰሞን «ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሊወረስ ነው» የሚል ወሬ ነፈሰና ሱቁ ሁሉ ተቀረቀረ። ባለሥልጣናቱ «ውሸት ነው፣ የሚወረስ የለም» አሉ። ይሁን፣ ወሬው ውሸት ነው። ፍርሃቱ ግን ውሸት አልነበረም። ደረሰኝ አምጣ የሚባለው ደረሰኝ የተነፈገው ሰው ነውና።

እገሊት በሦስተኛው ወር ምን ታደርጋለች? ሁለት በር ነው ያላት። አንደኛው እሷም ለደንበኛዋ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ማለት ነው። ያን ጊዜ 97 ሺህ 500 የቆጠረው መንግሥት 22 ሺህ 500 ይዞ ይቀራል። ሁለተኛው ደላላ ይዞላት የሚመጣው ወረቀት ነው፤ ዕቃ የሌለው ደረሰኝ። በጥቂት መቶኛ ዋጋ የ400 ሺህ ብር ግዢ ደረሰኝ ይሸጥላታል፣ 60 ሺህ ታካክሳለች። እዚህ ላይ እንኳን ቸርቻሪዎቻችን አትሞኙ! ያ ደረሰኝ ላይ የሰፈረው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ባለቤት በዚያ ወር 60 ሺህ ሰበሰብኩ ብሎ አላስታወቀም፤ ሁለቱ ማስታወቂያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀን ያንቺ ብድር ለብቻው ፈጥጦ ይታያል። ድርጅቱ የት ነው ቢባል አድራሻው ላይ ማንም የለም። 400 ሺህ ብር በባንክ ሲተላለፍ አይታይም። በደረሰኙ ላይ ያለው ሸሚዝ ሆኖ መደርደሪያሽ ላይ ያለው አንሶላ ነው። ይህ ደግሞ የሒሳብ ስህተት አይባልም፤ ወንጀል ነው፣ የሚያሳስር።

ደረሰኝ አልቆርጥ ላለሽ አከፋፋይ ግን አንድ ሒሳብ ንገሪው። ያለ ደረሰኝ የሚሰጥሽ ዋጋ የደረሰኙ ዋጋ ከቫት በፊት ካለው፣ ማለትም ከ400 ሺህ፣ በአንዲት ብር እንኳ ከበለጠ፣ እና አንቺ በማሽን የምትሸጪ ከሆነ፣ ቅናሽ አይደለም። 440ም ቢል፣ 420ም ቢል፣ 401 ሺህም ቢል የእሱን ውሸት አንቺ እየከፈልሽለት ነው።

ለገቢ ሹማምንት ደግሞ ጥያቄ አለን። በጉምሩክ በ150 ሺህ የተመዘገበውን ሰነድ፣ ዕቃው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሚሸጥበት 500 ሺህ ጋር አስተያይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱም ቁጥሮች እጃችሁ ላይ ናቸው። አንደኛው በጉምሩክ ሰነድ፣ ሁለተኛው በእገሊት ማሽን። በዚህ መሃል ያለውን ሰው ለመፈለግ ተቆጣጣሪ መላክ ያለባችሁ ወደ እሷ ሱቅ ነው ወይስ ወደ መጋዘኑ?