የተሳሳተው ቍጥር

ከባልንጀራ ሰሌዳ የተቀዳ መልስ፥ ትክክል ቢሆንም እንኳ፥ ለቀዳው ልጅ ዕውቀት አይሆነውም። ልጅ ራሱ አስቦ ያገኘውን መልስ ግን፥ ስሕተት ቢሆንም፥ የመጣበትን መንገድ መርምሮ ሊያርመው ይችላል። ይህም ነገር በሚከተለው ታሪክ ይታወቃል።

በጣና ሐይቅ ዳር፥ በደልጊ፥ አንድ ተማሪ ነበረ። የመቀነስን ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን አጠገቡ የሚቀመጠው ባልንጀራው የጻፈውን እያየ ይቀዳ ነበርና፥ መልሱ ሁሉ ትክክል ሆነለት። መምህሩም ሒሳቡን ያወቀ መሰላቸው።

አንድ ቀን ባልንጀራው ታሞ ቀረ። በዚያም ቀን መምህሩ፥ «52 የደንገል ዘንጎች አሉ፤ 28ቱ ለታንኳ መሥሪያ ቢወሰዱ ስንት ይቀራሉ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ የሚቀዳበት ቢያጣ ብቻውን አስቦ 36 ብሎ ጻፈ።

መምህሩ አልተቈጡትም። «ልጄ፥ የቀረውን ከተወሰደው ጋር ደምረው፤ መልስህ እውነተኛ ከሆነ የመጀመሪያው ቍጥር ተመልሶ ይመጣል» አሉት።

ልጁም 36ን ከ28 ጋር ቢደምር 64 ሆነ። «የኔታ፥ ዘንጎቹ 52 ብቻ ነበሩ፤ እነዚህ 12ቱ ከወዴት መጡ?» ብሎ ተደነቀ።

«36ን እንዴት እንዳገኘኸው ንገረኝ» አሉት።

«ከ2 ላይ 8 መቀነስ አይቻልምና ከ8 ላይ 2 ቀነስሁ፥ 6 ቀረ። ከ5ም ላይ 2 ቀነስሁ፥ 3 ቀረ» አለ።

መምህሩ ከሐይቁ ዳር 52 የደንገል ቍራጮች አስመጡ። ዐሥር ዐሥሩን ባንድ አሰሩት፤ 5 እስርና 2 ነጠላ ሆነ። «ከዚህ ላይ 28 ስጠኝ» አሉት። ልጁ ሁለቱን ነጠላ ይዞ ጥቂት ካሰበ በኋላ፥ አንዱን እስር ፈታ። ነጠላዎቹ 12 ሆኑ፤ 8 ቢሰጥ 4 ቀሩ። ሳይፈቱ ከቀሩት 4 እስሮችም 2 ቢሰጥ 2 እስሮች ቀሩ፤ እነርሱም 20 ናቸው። ሁሉም 24 ሆነ። 24ን ከ28 ጋር ቢደምር 52 ተመልሶ መጣ።

ያን ጊዜ ልጁ ስሕተቱን ለይቶ ዐወቀ። እስሩን መፍታት ሲገባው፥ ከሚሰጠው 8 ላይ በእጁ ያለውን 2 ቀንሶ ኖሮአል።

በማግሥቱ ከ83 ላይ 47 እንዲቀንስ ታዘዘ። እርሱም 36 ብሎ ጻፈ፤ ደምሮም 83 መሆኑን ተረዳ። ትናንት ስሕተት የነበረው 36 ዛሬ እውነተኛ መልስ ሆነ።

መሳሳት ብቻውን አያስተምርም። መምህሩ 36ን ሰርዘው 24 ብለው ቢጽፉለት ኖሮ፥ ልጁ ከባልንጀራው መቅዳቱን ትቶ ከመምህሩ በቀዳ ነበር። ያስተማረው ግን፥ የተረፉት 12 ዘንጎች ከወዴት እንደ መጡ መጠየቁና እስሩን በገዛ እጁ መፍታቱ ነው።