ትኩሳቱ የለቀቀበት ሰዓት

ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ወደ ሥራ ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዳምጠው ሳሉን ነው። ሳል ግን መጥፎ ዳኛ ነው። ቫይረሱ ከለቀቀ በኋላም የተጎዳው የመተንፈሻ ቧንቧ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊያስል ይችላል። በተቃራኒው በሕመሙ ሁለተኛ ቀን ፓራሲታሞል ውጦ ቢሮ የሚገባው ሰው ብዙም ሳይስል ባልደረቦቹን ያዳርሳል። ስለዚህ የምንፈራውን ሰው ተሳስተናል ባይ ነኝ።

በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ጎልማሳ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሲሆን፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ እየከሰመ ይሄዳል። ትንንሽ ልጆችና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ከዚህም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ሕመሙ በጥቅሉ እየተሻለ መሆኑን፣ ትኩሳቱም ያለ ማብረጃ መድኃኒት 24 ሰዓት መጥፋቱን። ቁም ነገሩ ያለው «ያለ መድኃኒት» በሚለው ላይ ነው። ፓራሲታሞል ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሙቀቱን ያወርዳል እንጂ ቫይረሱን አይነካም።

አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አላት፣ አተኮሳት እንበል። እሑድ ቤተሰብ ስትጠይቅ ሳታውቀው ማስተላለፍ ጀምራ ይሆናል። የመጨረሻውን ክኒን ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ዋጠች። ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ስትለካ 36.8 ሆነ፤ መድኃኒቱ አልቋል፣ ቆጠራው ከዚህ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ሳትውጥ ካላተኮሳት ዓርብ ጠዋት መውጣት ትችላለች። ዓርብ ግን ሕመሙ ከጀመራት ገና አራት ቀኗ ነው፤ መመሪያውም ከተመለሱ በኋላ ለተጨማሪ አምስት ቀን ጭንብል ማድረግን፣ መስኮት መክፈትንና መራራቅን ይመክራል። ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት የሚነሳውን ጩኸት የሚያውቅ፣ ጭንብሉን ይመርጣል። ቅዳሜ ትኩሳቱ ቢመለስ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል፤ ተሽሎ ከነበረ በኋላ የሚመለስ ትኩሳት የሳንባ ምች ምልክትም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ይኖርባታል።

ደንቡም ቀዳዳ አለው። በተለይ አንዳንድ አረጋውያን ጭራሽ ላያተኩሳቸው ይችላል። ለነሱ ሙቀት መለኪያው አይረዳም፤ ከመጀመሪያው ምልክት አንስቶ አራት አምስት ቀን ቤት መቆየት ይሻላል።

በእኛ አገር ግን ሌላም ችግር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን ከሕክምና ማስረጃ ጋር ያያይዛል። ሠራተኛው ወረቀቱን ለማግኘት ክሊኒክ የሚሰለፈው አብዝቶ በሚያስተላልፍበት ቀን ነው። አሠሪዎች ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የስልክ ጥሪ ቢበቃቸው፣ ወረቀቱንም በአራተኛው ቀን ቢጠይቁ፣ ወረፋው ላይ የሚያዘው ሰው ይቀንስ ነበር።