«ጉድ ነው!!!» የሚባል ቦታ የት ነው ያለው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቪዲዮውን ላከልኝ። ርዕሱ «ያልጠበቅነው ጉድ ገጠመን!!! ድንቅ ጉዞ» ይላል። ማብራሪያው ላይ ደግሞ «ከከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ ገነት» ብሏል። ከፈትኩት። ከዚሁ ከሰፈሬ ከሳንሱሲ ተነስተው በቡራዩ፣ በሆለታና በጊንጪ አድርገው አምቦ ደርሰዋል፤ ከዚያ ወንጪ ወርደዋል። ቆንጆ ሥራ ነው፤ ግን ወንጪ የሚለው ቃል ርዕሱም ማብራሪያውም ላይ የለም!

ደውዬ ተቆጣሁት። «ቲቸር፣ ስሙን ከጻፍኩት ጉጉቱ ይጠፋላ» አለኝ። ጉጉት የሚይዘው እኮ ድሮም የሚከተሉህን ሰዎች ነው። የዛሬ ዓመት «ወንጪ እንዴት ይኬዳል» ብሎ የሚፈልግ ሰው አንተን በምን ያገኝሃል? ታግ አበዛለሁ እንዳትለኝ፤ ዩቲዩብ ራሱ ታግ በፍለጋ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው ይላል። «ድንቅ» ማለት ካማረህ ከስሙ በኋላ በለው፤ ስልክ ላይ የሚቆረጠው የርዕሱ ጭራ ነው።

መንገዱም ይጻፍ። ወንጪ በአምቦም በወሊሶም ይገባል። በየትኛው እንደሄድክ ካልነገርከኝ ቪዲዮህን አይቼ ጉዞዬን ማቀድ አልችልም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የወቅቱ ነገር ነው። «በክረምት ሄድን» ብሎ ዝም! ለእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችን ግን ክረምት ሲባል በረዶውን ነው የሚያስበው፤ ታኅሣሥ ላይ መጥቶ ያንን አረንጓዴ ይፈልጋል። አደይ አበባን አሳይቶ ወሩን አለመናገርማ ማታለል ነው፤ ኅዳር ላይ የሄደ ሰው ምን ሊያገኝ? ስለዚህ ወሩን በእኛም በፈረንጅም ጻፉት።

ቁጭ ብለን እንዲህ አስተካከልነው፦

```
ወንጪ ሐይቅ (Wenchi) ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ | መስከረም 2017

የተቀረጸው፦ መስከረም 18/2017 (September 28, 2024)
መንገድ፦ ሳንሱሲ - ሆለታ - ጊንጪ - አምቦ - ወንጪ
00:00 ከሳንሱሲ መነሻ
01:40 ገፈርሳ
06:15 አምቦ
09:30 ወንጪ፣ ወደ ሐይቁ ቁልቁለት
```

የደቂቃዎቹ ዝርዝር ምዕራፍ ሆኖ የሚሠራው ከ00:00 ሲጀምር፣ ቢያንስ ሦስት ሲሆን፣ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ ሳያንስ ነው። መጀመሪያ 00:05 ብሎ ጀምሮ «አልሠራም» እያለ ሲነጫነጭ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያልቆማችሁበትን ቦታ ስም አታስገቡ። ልጁ አንዴ ከጀመረ ብሎ «መናገሻ ሱባ ደን» ሊል ነበር፤ ያለፈው እኮ በመናገሻ ከተማ ነው! ደኑ ያለው ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። በካርታ አይታችሁ አረጋግጡ።

ትናንት ማታ «ቀይሬዋለሁ ቲቸር» ብሎ ጻፈልኝ። አየሁት፤ ጥሩ ነው። ቪዲዮው ውስጥ ግን ገፈርሳን አሁንም «የተፈጥሮ ሐይቅ» እያለው ነው። የምንጠጣው ውሃ የተገደበበት ግድብ መሆኑን ነገ ደውዬ እነግረዋለሁ።