መስካሪውን ማን መረመረው?

አንድ በያጅ የብቃት ምስክር ወረቀት ይዞ ሲቀርብ፣ ቀጣሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ማኅተሙንና “አይኤስኦ” የሚለውን ቃል ነው። ይህ አይበቃም። አይኤስኦ ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ምስክር ወረቀት አይሰጥም። ሰጪው ድርጅት የአይኤስኦ 9001 ባለቤት ቢሆንም፣ ያ ስለ አመራር ሥርዓቱ እንጂ ፈተናው ጎበዙን ከደካማው ስለመለየቱ አይናገርም።

የሙያተኞችን ብቃት ለሚመሰክሩ ድርጅቶች የወጣው ደረጃ አይኤስኦ/አይኢሲ 17024 ነው። ፈተናው ከሥራው ዝርዝር ትንተና እንዲመነጭ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ የምናከብርለት ግን ማሠልጠንና መመስከር እንዳይደበላለቁ የጣለውን ገደብ ነው። ድርጅቱ ተመጣጣኝ ሥልጠና ሌላ ቦታ የወሰደውን ሰው “እኔ ጋ ካልተማርክ አልፈትንህም” ሊለው፣ ወይም የራሱ ሠልጣኞች በቀላሉ እንደሚያልፉ ሊያስመስል አይችልም። የትምህርት ክፍያ የተቀበለ አሠልጣኝ ራሱ ብቻውን ፈታኝ ሲሆን፣ ተማሪውን መጣል ይከብደዋል።

ድርጅቱ ደረጃውን “እከተላለሁ” ማለቱም ማስረጃ አይደለም፤ ገለልተኛ የአክሬዲቴሽን አካል መርምሮት መሆን አለበት። ያም ቢሆን ዕውቅናው የሚሠራው ለተጠቀሰው የሙያ ዘርፍ ብቻ ነው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዕውቅና ያገኘ ድርጅት በዚያው አርማ ለበያጅ ቢመሰክር፣ አርማው ለበያጁ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ቀጣሪዎች ሆይ፣ የድርጅቱን በራሪ ወረቀት ትታችሁ የአክሬዲቴሽን ሰጪውን መዝገብ ተመልከቱ፤ የደረጃው ቁጥር 17024 መሆኑን፣ ሙያው በስም መጠቀሱን፣ ዕውቅናው አለመታገዱን አረጋግጡ።