ቤት መቀየር ለምን ከበደ? የስም ማዛወሪያው 6 በመቶ ነገር

ሁለት ቤተሰብ አስቡልኝ። አንደኛው ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል፤ ሰሚት አካባቢ ባለ አራት መኝታ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። ፎቁን ከወጡበት ወራት አልፏል፤ የሚፈልጉት ለሐኪም ቤት ቀረብ ያለ ትንሽ ቤት ነው። ሁለተኛው ቦሌ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ሦስት ልጅ የሚያሳድጉ ወጣት ባለትዳሮች ናቸው። እነሱ ደግሞ የጠፋባቸው ክፍል ነው። ለሒሳብ እንዲቀለን ሁለቱም ቤቶች 10 ሚሊዮን ብር ያወጣሉ እንበል።

ቢቀያየሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ። አንድም ጡብ ሳይጨመር፣ አንድም ሲሚንቶ ሳይገዛ፣ ከተማዋ ሁለት ቤተሰብ በተሻለ ሁኔታ አኖረች ማለት ነው። ግን አይቀያየሩም። ለምን? ሒሳቡን እንሥራው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ገዝታችሁ ካርታውን በስማችሁ ስታዞሩ ሁለት ክፍያ ይጠብቃችኋል። አንዱ የቴምብር ቀረጥ ነው፤ በ1990 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 መሠረት የንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ። ሌላው ከተማው የሚሰበስበው የስም ማዛወሪያ 4 በመቶ ነው። ድምሩ 6 በመቶ። (ሻጭ ባተረፈው ላይ የሚከፍለው የካፒታል ዕድገት ግብር ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱ የሚሰላው በትርፍ ላይ ስለሆነ ለዛሬ ልተወው።) ስለዚህ ጡረተኞቹ አፓርትመንቱን በስማቸው ለማዞር 600 ሺህ ብር፣ ወጣቶቹም ሰፊውን ቤት በስማቸው ለማዞር 600 ሺህ ብር ይከፍላሉ። አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር፣ ለመቀያየር ብቻ! የደላላው ገና አልተነሳም።

እዚህ ጋ «ታዲያ ታክስ አይከፈል ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ጥያቄዬ ታክሱ ምን ላይ ተጣለ የሚለው ነው። ይሄ ታክስ ቤት ባለህ አይቆጥርም፤ ሀብታም በሆንክም አይቆጥርም። የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደተንቀሳቀስክ ነው። 10 ሚሊዮን ብር ቤት ገዝቶ 30 ዓመት የተቀመጠ ሰው 600 ሺው ለዓመት ሲካፈል 20 ሺህ ብር ነው የሚመጣበት። ያንኑ ቤት ገዝቶ በሦስት ዓመቱ የቀየረው ደግሞ በዓመት 200 ሺህ። ቤቱ ያው፣ መንገዱ ያው፣ መብራቱ ያው፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። በሦስት በአራት ዓመት ኑሮው የሚቀየረው ደግሞ ማነው? ያገባው፣ የወለደው፣ ሥራ የቀየረው ነው። በአብዛኛው የኛ ዕድሜ ማለት ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ይሄ በአንድ ሥዕል ይታለፍ ነበር፤ ታክስ ሲጨምር ግብይት ይቀንሳል፣ አለቀ። በስንት ይቀንሳል? ማን ነው የሚቀረው? የሚለውን ለማወቅ ግን ለምርምር የተመቸ አገር ያስፈልጋል። እንግሊዝ ሳይታሰብ ተመቸች።

እስከ ታኅሣሥ 2014 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የእንግሊዝ የቴምብር ቀረጥ አንድ አስቂኝ ነገር ነበረው። የቤቱ ዋጋ እስከ 250 ሺህ ፓውንድ ከሆነ 1 በመቶ፣ ከዚያ ካለፈ 3 በመቶ ነው። ችግሩ 3 በመቶው የሚሰላው ባለፈው ላይ ብቻ ሳይሆን በሙሉው ዋጋ ላይ መሆኑ ነበር። እንደኛ የደመወዝ ግብር በየደረጃው አይደለም። ስለዚህ ቤቱ 250 ሺህ ቢሸጥ ታክሱ 2,500 ፓውንድ ነው፤ በአንድ ፓውንድ ቢያልፍ 7,500 ይሆናል። አንዲት ፓውንድ አምስት ሺህ ፓውንድ ታስከፍላለች። ሰው ሞኝ አይደለም፤ የሽያጭ ዋጋዎች 250 ሺህ ላይ ተከምረው፣ ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይታይ ነበር።

ክርስቲያን ሂልበርና ቴሙ ሊቲካይነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይቺን መስመር ተጠቀሙባት። ቤታቸው ከመስመሩ ትንሽ በታች የሚያወጣ ሰዎችንና ትንሽ በላይ የሚያወጣ ሰዎችን አነጻጸሩ። እነዚህ ሰዎች በገቢም በኑሮም ይቀራረባሉ፤ ግን ከመስመሩ በላይ ያሉት ተመሳሳይ ዋጋ ወዳለው ቤት ልቀይር ቢሉ 3 በመቶ ይጠብቃቸዋል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጥናት ውጤት፦ ከመስመሩ በላይ ያሉት ቤት የመቀየር ዕድላቸው በ37 በመቶ ያነሰ ነው። የሁለት በመቶ ነጥብ ልዩነት ነው ይሄን ያመጣው።

ለእኔ ከ37ቱ በላይ የከበደኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሥራ ይዘው ወደ ሩቅ ከተማ የሚሄዱትን ታክሱ እምብዛም አላስቀራቸውም። መሄድ ያለበት ይሄዳል። የቀሩት በቅርብ ርቀት ቤት የሚቀይሩት ናቸው፤ ቤቱ የሰፋባቸው፣ ቤቱ የጠበባቸው። ማለትም የሰሚቶቹ ሽማግሌዎችና የቦሌዎቹ ወላጆች። አይሰደዱም፣ አይጮኹም፣ ዜና አይሆኑም፤ ዝም ብለው በማይመቻቸው ቤት ይቀመጣሉ።

«እንግዲያው መንግሥት ለተወሰነ ጊዜ ያንሳልን» የሚል ሐሳብ አለ። ይሄም ተሞክሯል። በኮቪድ ጊዜ እንግሊዝ ከሐምሌ 2020 እስከ ሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ ለዋና መኖሪያ ቤት የመጀመሪያውን 500 ሺህ ፓውንድ ከቀረጥ ነፃ አድርጋ ነበር። የመጨረሻው ወር ላይ ሽያጩ 200 ሺህ ቤት አካባቢ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ወር ከግማሽ በታች ወረደ። ብዙው ሰው አዲስ ውሳኔ አልወሰነም፤ ሊገዛ ያሰበውን ቀኑን አሳጠረ እንጂ። ሆኖም ሁሉም ቀን ማሸጋሸግ ብቻ ነው ማለትም ስህተት ነው። ከዚያ በፊት በ2008 እና በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተሰጠውን ተመሳሳይ እፎይታ ያጠኑ ሰዎች ሽያጭ በ20 በመቶ ገደማ እንደጨመረ፣ እፎይታው ካበቃ በኋላ ተመልሶ የጠፋው ደግሞ ከጭማሪው ከግማሽ በታች እንደሆነ አግኝተዋል። የቀረው ታክሱ አፍኖት የነበረ እውነተኛ ሽያጭ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እንግሊዝ ውስጥ ታክሱን የሚሸሽ ሰው አይሸጥም። እኛ ጋ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ይሸጣል፣ ግን እንዳልሸጠ ይሆናል። ውክልና ይባላል።

አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ገዢ ሙሉ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ቁልፉን ይቀበላል፤ ካርታው ግን በሻጩ ስም ይቆያል። በምትኩ ሻጩ ለገዢው «ሊሸጥ ሊለውጥ» የሚል ውክልና ይሰጠዋል። ገዢው ሲፈልግ በዚያው ውክልና ለሌላ ይሸጣል። ቤቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሽጦ በመዝገብ ላይ አንዴም ያልተሸጠ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ ውክልና ሁሉ ታክስ ለመሸሽ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ለአምስት ዓመት መሸጥ ስለሚከለከል በዚያ ምክንያት የሚሄዱበት አሉ፤ ካርታው ያልወጣለት ቤትም አለ። ግን 6 በመቶው ትልቅ ገፊ መሆኑን ለማወቅ አንድ ደላላ ጋ ቡና መጠጣት ይበቃል።

ሌላው መንገድ ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ነው። በእርግጥ ከተማው የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ይሄ እንደ ድሮው አያዋጣም። ባዋጣበት ጊዜም የሚጎዳው ገዢው ነው፤ 10 ሚሊዮን የገዛውን 4 ሚሊዮን ብሎ ጽፎ ነገ ውሉ ቢፈርስ በወረቀት የሚታየው 4 ሚሊዮን ነው።

የውክልናው ዕዳ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በፍትሐብሔር ሕጋችን ወካዩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም በመርህ ደረጃ ውክልናው አብሮት ይቀራል። አክስቴ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቤት የገዛችው በዚህ መንገድ ነው። «ስሙን ቀስ ብዬ አዞረዋለሁ» ብላ 6 በመቶውን አቆየችው። አሁን ልጇ ወዳለችበት ሰፈር ልትሄድ ቤቱን መሸጥ ፈለገች። ሻጩ አቶ እገሌ ግን ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልብ በሉ፤ ታክሱን የሸሸችው እንደልቧ ለመንቀሳቀስ ነበር፣ አሁን ካርታ ካለው ጎረቤቷ በላይ የታሰረችው እሷ ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከተማው ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ መንገዱም ውኃውም በምርቃት አይሠራም። ግን የሰሞኑን አጋጣሚ ተመልከቱ። የንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም ጸድቋል። ይሄ በየዓመቱ የሚከፈል ነው፤ ብትሸጥም ባትሸጥም ያው ነው። ስለዚህ ባለህበት አያስርህም። እንደውም ባዶውን ሰፊ ቤት ይዞ መቀመጥ ወጪ ስለሚኖረው ትንሽ ገፋ ያደርጋል። የእኔ ጥያቄ አጭር ናት፦ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ለምን አይቀንስም?

የአውስትራሊያዋ ካንቤራ ይህንኑ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ እየሠራችው ነው። የ20 ዓመት ዕቅድ አውጥታ የቴምብር ቀረጡን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ፣ ዓመታዊውን ታክስ ትንሽ ትንሽ ከፍ ታደርጋለች። 20 ዓመት የተባለው በዋዛ አይደለም። ትናንት 6 በመቶ ከፍሎ ስም ያዞረ ሰው ላይ ዛሬ ሙሉ ዓመታዊ ታክስ ብትጭንበት ለአንድ ቤት ሁለት ጊዜ አስከፈልከው ማለት ነው፤ ቁጣው ትክክል ነው።

በኛ ቁጥር ልሞክረው። አንድ ቤት በአማካይ በየ20 ዓመቱ ይሸጣል ብለን ብንገምት (ግምት ነው)፣ 6 በመቶው በዓመት ሲካፈል 0.3 በመቶ ነው። ለ10 ሚሊዮን ብር ቤት 30 ሺህ ብር፣ በወር 2,500። ከተማው ያንኑ ገንዘብ ያገኛል፤ ያውም ገበያው ሲቀዘቅዝ የማይደርቅ። ለወጣቶቹ ባልና ሚስት በወር 2,500 ብር ከአንድ ጊዜ 600 ሺህ ብር ጋር አይወዳደርም።

የሚጎዳም አለ፣ አልደብቅም። ቤት ኖሮት ገንዘብ የሌለው ጡረተኛ አለ። የጡረታው ብር ለአስቤዛ አልበቃ ብሎት በወር 2,500 አምጣ ማለት ጭካኔ ነው። ለሱ ዓመታዊው ታክስ በቤቱ ላይ እየተመዘገበ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ እንዲከፈል ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው ፍርሃቴ የከፋ ነው፦ ዓመታዊው ይጨመርና 6 በመቶውም ባለበት ይቀጥላል። ያኔ መቀመጡም መሄዱም ያስከፍላል፤ ውክልናውም በሽ ይሆናል።

አክስቴ ሰሞኑን የሟቹን ወራሾች እያፈላለገች ነው። ሁለቱ ተገኝተዋል፤ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው፣ ሴትየዋ ደግሞ ዱባይ፤ ሁለቱም ከኤምባሲ ውክልና እንልካለን ብለዋል። ሦስተኛው ልጅ ስልክ አያነሳም።