ስህተቱ ይካካሳል ለሚሉ የተሰጠ ምላሽ

መቀሌ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገመገም ደጋግሞ የሚሰማ መልስ አለ። ተማሪው የማሳውን ስፋት የመዘገበው ገበሬውን ጠይቆ ነው። ገምጋሚው «ይህ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?» ሲለው፣ «አንዱ ጨምሮ፣ ሌላው ቀንሶ ይናገራል፤ ናሙናው ሰፊ ስለሆነ ስህተቱ ይካካሳል» ይላል። ገምጋሚው ይረካና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል። በጥናት ሪፖርቶችም ውስጥ ይኸው ዐረፍተ ነገር «የጥናቱ ውስንነቶች» በሚለው ርዕስ ሥር ተቀምጦ አይቻለሁ።

መልሱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የአንድ ወረዳ ማሳ በአማካይ ምን ያህል ጥማድ እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ትክክል ነው፤ ከፍና ዝቅ ያለው ይጣፋና አማካዩ ይተርፋል። ስህተቱ ያለው በምርቱ ቁጥር ላይ ብቻ ከሆነም፣ ምርትን በመሬት ስፋት ለመግለጽ የተሠራው ሪግሬሽን ቁልቁለቱን አይስትም፤ ቁጥሩ ይዋዥቃል እንጂ። ችግሩ ሰዎች ይህንኑ ሕግ ሳያዩት ወደ ገላጩ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ወደ መሬቱ ስፋት ማሻገራቸው ነው። እዚያ ሕጉ አይሠራም።

በአራት ማሳ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ሁለቱ ማሳዎች በእርግጥ 1 ጥማድ፣ ሁለቱ ደግሞ 3 ጥማድ ናቸው፤ መሬቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ከያንዳንዱ ጥማድ 4 ኩንታል ይገኛል። ስለዚህ ምርቱ 4፣ 4፣ 12፣ 12 ኩንታል ነው። በትክክለኛው ልክ ከተሠራ ኮኤፊሸንቱ 4 ነው። አሁን ገበሬዎቹ በግማሽ ጥማድ ይሳሳቱ፤ ከየጥንዱ አንዱ ይቀንስ፣ ሌላው ይጨምር። የተመዘገበው ስፋት 0.5፣ 1.5፣ 2.5፣ 3.5 ይሆናል። ስህተቱ ተደምሮ ዜሮ ነው፤ አማካዩም እንደነበረ 2 ጥማድ ነው። ከዚህ የበለጠ የተካካሰ ስህተት አይገኝም። ሪግሬሽኑ ግን 3.2 ይሰጣል። በዚያ ላይ መስመሩ ምንም መሬት የሌለው ሰው 1.6 ኩንታል እንደሚያመርት ይነግረናል።

ምክንያቱን ለማየት 3.5 ጥማድ አለኝ ያለውን ገበሬ ብቻ እንውሰድ። በመዝገቡ ላይ ትልቁ ማሳ የእሱ ነው። ትልቁ የሆነው ግን መሬቱ ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጨምሮ ስለተናገረም ጭምር ነው። ምርቱ የሚበቅለው በተነገረው ሳይሆን ባለው መሬት ላይ ስለሆነ፣ በ3.5 ጥማድ ይጠበቅ የነበረው 14 ኩንታል ቀርቶ 12 ብቻ ይገኛል። በሌላው ጫፍ 0.5 ያለው ገበሬ ቀንሶ ስለተናገረ 2 ሊሰጥ ከሚገባው «ግማሽ ጥማድ» 4 ኩንታል ያፍሳል። በቀኝ ጫፍ ያሉት ነጥቦች ወደ ታች፣ በግራ ጫፍ ያሉት ወደ ላይ ይሳባሉ፤ መስመሩም ይጋደማል። ስህተቶቹ ተካክሰዋል፤ የተካካሱት ግን በአማካዩ ላይ እንጂ በጫፎቹ ላይ አይደለም። ቁልቁለቱን የሚወስኑት ደግሞ ጫፎቹ ናቸው።

የመቀነሱ መጠን በግምት የሚታወቅ ሳይሆን የሚሰላ ነው። የእውነተኛው ስፋት ቫሪያንስ 1፣ የስህተቱ 0.25 ነው፤ 1 ለ1.25 ሲካፈል 0.8 ይመጣል፤ 4 በ0.8 ሲባዛ 3.2። ቻርልስ ስፒርማን ይህን መዳከም የሚያርም ቀመር ያወጣው በ1904 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ስለዚህ አዲስ ነገር እየተናገርኩ አይደለም። በስሌቱ ውስጥ የናሙናው ብዛት እንደሌለ ግን ልብ ይሏል። አራቱን ማሳዎች ሺህ ጊዜ ደግመን 4,000 ብናደርጋቸው መልሱ ያው 3.2 ነው። የሚለወጠው በቁጥሩ ዙሪያ ያለው የእርግጠኝነት ክልል ነው፤ ጠብቦ እውነተኛውን 4 ያስወጣዋል። ሰፊ ናሙና እዚህ ላይ የሚያደርገው የተሳሳተውን መልስ ይበልጥ እርግጠኛ ማስመሰል ነው።

«እንግዲያው ፊክስድ ኢፌክት እንጨምር» የሚሉም አሉ። የአንዱን ቤተሰብ ማሳዎች እርስ በርስ ማወዳደር ብዙ ነገር ያጠራል፤ ይህን በሽታ ግን ያባብሳል። የአንድ ቤተሰብ ማሳዎች በስፋት የሚቀራረቡ ከሆነ፣ በመካከላቸው የሚቀረው እውነተኛ ልዩነት ቫሪያንሱ ከ1 ወደ 0.25 ሊወርድ ይችላል። የስህተቱ 0.25 ግን ባለበት ይቆያል። ያን ጊዜ ከኮኤፊሸንቱ የሚተርፈው ግማሹ ብቻ ነው።

ለተቃራኒው ወገንም አንድ ቃል አለኝ። ይህን ትምህርት የተማሩ አንዳንዶች «ስህተቱ ወደ ዜሮ ስለሚጎትት ግምታችን ቢያንስ እንጂ አይበዛም» እያሉ ይጽናናሉ። ይህ የሚሠራው ስህተቱ ከእውነተኛው ስፋትም ሆነ ከምርቱ ጋር ካልተያያዘ፣ ከዚህም ሌላ አብሮ የተሳሳተ ገላጭ ከሌለ ነው። በአራቱ ማሳዎቻችን ላይ ከጠቅላላ ምርት ይልቅ ምርት በጥማድ እናስላ። እውነቱ በሁሉም ማሳ 4 ስለሆነ ስፋት ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ኮኤፊሸንቱ ዜሮ መሆን ነበረበት። በተነገረው ስፋት ስናካፍል ግን ባለ 0.5ቱ 8 ኩንታል፣ ባለ 3.5ቱ 3.4 ይሆናሉ፤ ሪግሬሽኑም −1.16 ይላል። ያው ስህተት በአካፋዩም በገላጩም ውስጥ ስለገባ፣ ከዜሮ አርቆ ትንሽ ማሳ የተሻለ ያመርታል የሚል ግኝት ፈጠረልን።

ጉዳዩ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። ሳም ዴሲየርና ዲን ጆሊፍ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ መረጃ ላይ ሁለት ዓይነት የምርት ቁጥር አወዳድረዋል። ገበሬው በተናገረው ምርት ሲሠራ ትንንሽ ማሳዎች እጅግ ምርታማ ሆኑ፤ ከማሳው ላይ ናሙና ታጭዶ በተመዘነ ምርት ሲተካ ግንኙነቱ ጠፋ። ገበሬዎች በትንንሽ ማሳ ላይ ምርቱን አብዝተው፣ በትልልቁ ላይ አሳንሰው ይናገሩ ነበር። ይህ እንደ ዕጣ የሚወድቅ ስህተት አይደለም፤ ከማሳው ስፋት ጋር የታሰረ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከናሙናው የተወሰኑት ማሳዎች በጂፒኤስ ወይም በገመድና በኮምፓስ ይለኩ፤ ከዚያ 0.8ን የመሰለው ምጥጥን ይሰላና ግምቱ ይካፈልበት። 3.2 ለ0.8 ሲካፈል 4 ይመለሳል። ሌላው መንገድ ሁለት ልኬት ወስዶ አንዱን ለሌላው ኢንስትሩመንታል ቫሪያብል ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ግን የትግራይን ሁኔታ የማያውቅ ሰው ይሳሳታል። በክልሉ የመሬት ምዝገባ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ልኬቱ በገመድ ነበር፤ ውጤቱም ለገበሬው በተሰጠው ማረጋገጫ ላይ ሰፈረ። አጥኚው የገበሬውን ቃል እንደ አንድ ልኬት፣ ማረጋገጫውን እንደ ሌላ ቢወስድ ሁለት ያገኘ ይመስለዋል። ገበሬው የነገረው ከማረጋገጫው ላይ የሚያስታውሰውን ቁጥር ከሆነ ግን ሁለቱም የተሸከሙት ያንኑ የገመዱን ስህተት ነው፤ ኮኤፊሸንቱም እንደተጎተተ ይቀራል።

ጂፒኤስ ገዝቶ መገላገልም እንደሚመስለው አይደለም። ክብሮም አባይና ባልደረቦቹ በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የስፋቱና የምርቱ ስህተት እርስ በርስ ሲያያዙ አንዱን ብቻ ማረም ሁለቱንም ሳያርሙ ከመተው የባሰ ግምት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ማሳውን በጂፒኤስ ለክቶ ምርቱን ከገበሬው አፍ የመዘገበ ተማሪ ሲቀርብልን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ከለካቸው ማሳዎች በስንቱ ላይ እህሉ ታጭዶ ተመዝኗል?